«ለጨዋታ ነው እንጂ ለብር አይደለም» ለምትሉኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ካርታ ሁለት መስመር ለጥፌ ነበር። አንድ የድሮ ተማሪዬ ከስር «ቲቸር አታካብደው! ከጓደኛ ጋር በሃምሳ ብር መጫወት ደግሞ ቁማር ሆነ?» ብሎ ጻፈልኝ። ስንቱ ሳቀበት መሰላችሁ! የሥራ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ ላይክ አድርገውለታል። እሺ፣ ያኔ አላካበድኩም ነበር። ዛሬ ግን አካብዳለሁ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ስለ ኳስ ውርርድ ቤቶች አይደለም የማወራው። እነሱን ሁሉም ሰው ይሰድባል፣ እኔም ሰድቤአቸዋለሁ። የማወራው ታፔላ ስለሌለው ጨዋታ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ሻይ አዘው ስለሚጫወቱት ኮንከር። ደግሞ ካርታ የሰይጣን ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እጫወታለሁ። ወደፊትም እጫወታለሁ። የምጣላው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ብቻ ነው፦ «ለጨዋታ ነው እንጂ ለብር አይደለም» ከሚለው ጋር። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ለዓመታት ስለው ስለኖርኩ ከየት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ።

የእኛ ታሪክ እንዲህ ነው። አምስት ነበርን፤ አራታችን መምህራን፣ አንዱ ነጋዴ። ስንጀምር የተሸነፈ የሻይ ሒሳብ ይዘጋ ነበር። ቀጥሎ አንዱ «እንዲጣፍጥ» ብሎ በአሥር ብር አደረግነው። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ ሃምሳ። በሃምሳ ብር እንጫወት ብለን ተሰብስበን የወሰንንበት ቀን የለም። አሁን ወደኋላ ሳስበው ግን አንድ ነገር ይታየኛል፤ መደቡ ከፍ ባለ ቁጥር «እስቲ ከፍ እናድርገው» የሚለው ሁልጊዜ በዚያ ምሽት የተበላው ሰው ነበር። የበላው ሰው መደብ ከፍ ይበል ሲል ሰምቼ አላውቅም። በቃ እሺ ይላል፤ እንዴት እምቢ ይበል? የሰው ብር ኪሱ አስገብቶ «አይ፣ በትንሹ ይሁን» ቢል ስስታም ይባላል።

ከስድስት ወር በኋላ ደብተር መጣ። ደብተር ያልኳችሁ ተራ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ነው። ኪሱ ያለቀበት ሰው ስሙ ይጻፍና ጨዋታውን ይቀጥላል። «ጓደኛሞች ነን፣ ነገ ይከፍላል።» እኔ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ደብተሩን የምይዘው እኔ ነበርኩ። በጽሑፌም ቆንጆነት ያሾፉብኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ። ጓደኛችንን በስም አልጠራውም፤ ጨዋ፣ ቁጥብ፣ የማይጠጣ ሰው ነው። 11 ሰዓት ላይ ጀመርን። ሰባት መቶ ብር ይዞ ነበር የመጣው። በሃምሳ ብር መደብ ስንጫወት ካርታ ጠመመበት፤ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ሰባት መቶዋ አለቀች። በዚህ ሰዓት ቢነሳ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ሰባት መቶ ብር ያማል፣ ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ስቀን ተጫውተናል፤ ሲጀመር የተባለው «ጨዋታ» እስከዚያ ድረስ እውነት ነበር።

አልተነሳም። «ጻፍልኝ፣ በመቶ እናድርገው» አለ። ጻፍኩ። በመቶ ብር አሥር ዙር ተጫወትን፤ አንዱን በላ፣ ዘጠኙን ተበላ። እያንዳንዱ የበላ ሰው ከአራቱ መቶ መቶ ስለሚያገኝ አራት መቶ ገባለት፣ ዘጠኝ መቶ ወጣበት፤ አምስት መቶ ዕዳ። «በሁለት መቶ!» አለ። አሥራ ሦስት ዙር፣ አሁንም አንዱን ብቻ በላ፤ 1,600 ብር ተጨመረ። አምስት ሰዓት አለፈ። ባለ ቡና ቤቷ ወንበር መስቀል ጀምራለች። «የመጨረሻ ሁለት ዙር በአምስት መቶ» አለ። እኛስ? እሺ አልን። ሁለቱንም ተበላ።

ደብተሩን ደመርኩት፤ 3,100። እዚያው ቁጭ ብሎ በቴሌብር ላከልን። ከዚያ ውስጥ 1,900ው የደረሰው እኔ ስልክ ላይ ነው።

ሰኞ ማታ ባለቤቱ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ስለ ስልክ ነገር ታውቃለህ ብዬ ነው። የእቁቡ ብር እሱ ቴሌብር ላይ ነበር፤ ቅዳሜ ሌባ ጠልፎ 3,100 ብር ወሰደብኝ አለኝ። የት ነው የሚመለከተው?» አለችኝ።

ሌባው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እያናገራት ነበር።

ምን አልኳት መሰላችሁ? «ላጣራና እደውልልሻለሁ» አልኳት። ዋሸሁ ማለት ነው። እሱ ዋሻት፣ እኔ ደግሞ ውሸቱን ደገፍኩለት፤ ሁላችንም «ለጨዋታ ነው» ስንል የነበርን ሰዎች። በማግስቱ 1,900ውን ልመልስለት ስሄድ አልቀበልም አለ። «የተበላ ብር አይመለስም፣ አትናቀኝ» ብሎ ተቆጣ። በኋላ ተቀበለኝ። ግን ለአራት ወር አላናገረኝም።

እንግዲህ ያንን ምሽት እንደ ሒሳብ ጥያቄ እዩት። በጠቅላላው 3,800 ብር ወጣበት። ከዚህ ውስጥ 700ው ይዞት የመጣው ነው። 3,100ው፣ ማለትም ከአምስት እጅ አራት የሚሆነው፣ የጠፋው ኪሱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። «የሃምሳ ብር ጨዋታ» ያደረሰበት ጉዳት 700 ብር ነው። የቀረውን ያደረሱት ደብተሩና «ላስመልስ» የምትለው ቃል ናቸው። ችግሩ መደቡ ሃምሳ ይሁን አሥር ላይ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በአሥር ብር የሚጫወት፣ ግን በዱቤ የሚቀጥል ሰው፣ በመቶ ብር ተጫውቶ የያዘው ሲያልቅ ከሚነሳ ሰው ይልቅ ያሳስበኛል።

«እሱ ዕድለ ቢስ ሆኖ ነው» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ መጥፎ ምሽት ነበር። ግን ተማሪዎቼ የነበራችሁ ፕሮባብሊቲ አስተምሬአችኋለሁ፣ እስቲ አስቡት። አምስት እኩል የሆኑ ተጫዋቾች ካሉ አንድን ዙር ላለመብላት ያለህ ዕድል ከአምስት አራት ነው። አምስት ዙር በተከታታይ ላለመብላትስ? አራት አምስተኛን አምስት ጊዜ አባዙት፤ 0.33 ገደማ ይመጣል። ከሦስት አንድ ማለት ነው! አሥር ዙር በተከታታይ አለመብላት ደግሞ 11 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ «ካርታው ዛሬ ጠምዶኛል» የምንለው ነገር ተራ ነገር ነው፣ በየሳምንቱ ጠረጴዛው ላይ ለአንዱ ይደርሰዋል። አምስት ሰው በየቅዳሜው ከተጫወተ የጓደኛችንን ዓይነት ምሽት በዓመት ውስጥ አንዱ ማየቱ አይቀርም። ማን እንደሆነ ነው የማይታወቀው።

ደግሞ ካርታ ትዝታ የለውም። አሥር ዙር ስለተበላህ አሥራ አንደኛው ላይ አያዝንልህም። ካርታው ተበወዘ፣ ታደለ፤ ያው አንድ አምስተኛ ነህ። «አሁንስ ተራዬ ነው» የምትለዋ ሐሳብ ከካርታው አትመጣም፣ ከተቃጠለው ሆድህ ነው የምትመጣው።

«ኮንከር እኮ ችሎታ ነው፣ ዕድል ብቻ አይደለም» የሚሉም አሉ። ትክክል ናችሁ። ያም ቢሆን ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። ችሎታ ካለበት ደካማው ተጫዋች በዓመቱ መጨረሻ ለጎበዙ ደመወዝ ከፋይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ችሎታ አለኝ የሚል ሰው መሸነፉን እንደ ስሕተት ስለሚያየው አርሞት ሊሄድ ይቀመጣል። ጫት ቤት ወይም ግሮሰሪ ውስጥ ስትጫወቱ ባለ ቤቱ ከየዙሩ የሚቆርጥ ከሆነ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ እየተበላችሁ ነው። መደቡ 250፣ ለቤቱ 25 ከሆነ፣ በሃያ ዙር 500 ብር ከጠረጴዛው ወጥቶ ሄደ። እሱን ግን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ዋናው የምከራከርበት ነገር ይኸውና። «ከጓደኛ ጋር ስለሆነ ችግር የለውም» ይባላል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። ጓደኝነቱ ነው ማቆሚያውን የሚያጠፋው።

እስቲ ቆጥሩልኝ። የማታውቀው ሰው ኪስህ ባዶ ሲሆን «በል ደህና እደር» ይልሃል። ጓደኛህ ግን ያበድርሃል፤ ማበደሩን እንደ ደግነት ነው የሚቆጥረው፣ እኔም እንደዚያ ነበር የምቆጥረው። የማታውቀው ሰው አሸንፎ ቢነሳ ማንም አይናገረውም። ከጓደኞችህ መሃል አሸንፈህ ብትነሳ «በልተህ ልትሮጥ?» ትባላለህ። ስለዚህ የበላው በይሉኝታ ይቀመጣል፣ የተበላው በእልህ ይቀመጣል። መነሳት የሚችል ሰው ጠረጴዛው ላይ የለም! ያን ቅዳሜ እኔ ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፌ መጥቶ ነበር። መሄድ ፈልጌ ነበር። ያልሄድኩት ብሩን ስለበላሁ ነው። «ጓደኛዬን ዕድል ልስጠው» ብዬ ተቀመጥኩና 1,900 ብሩን ወሰድኩበት። እንዲህ ያለ ደግነት!

ሦስተኛው ነገር፣ ጓደኛ በጓደኛው ላይ አይፈርድም። ሁላችንም እያየን ነበር። ፊቱ ተለዋውጧል፣ ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ አንድ ቀልድ አልተናገረም፣ ስልኩ ሁለቴ ጠርቶ ገልብጦ አስቀምጦታል። አራት የተማሩ ሰዎች አይተናል። አንዳችንም «ወንድሜ፣ ይብቃ» አላልንም፤ እንዳናስከፋው።

ታዲያ ጨዋታው ችግር መሆኑ በምን ይታወቃል? በብሩ መጠን አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ሱሶች ጎን አስቀምጦታል፤ በዘጠኙ መለኪያዎች ውስጥ «ይህን ያህል ብር» የሚል የለም። ያሉት ነገሮች መደብ እየጨመሩ መሄድ፣ የተበሉትን ለማስመለስ ተመልሶ መምጣት፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ መዋሸት፣ ለጉድለቱ የሰው ገንዘብ መጠየቅና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። ባለሙያዎች በአጭሩ ለማጣራት ሲፈልጉ የሚጠይቋቸው ሁለት ጥያቄዎችም አሉ። አንደኛው፣ የምትመድበውን ገንዘብ እየጨመርክ መሄድ አስፈልጎህ ያውቃል? ሁለተኛው፣ ምን ያህል እንደምትጫወት ለቅርብ ሰዎችህ ዋሽተህ ታውቃለህ? አንዱን እንኳ አዎ ካልክ ጉዳዩ በደንብ መታየት አለበት ይላሉ። በሽተኛ ነህ ማለት ግን አይደለም።

ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ጓደኛችን ሚስቱን «ተበላሁ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ይጣሉ ነበር፣ ግን ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። «ሌባ ጠለፈኝ» ማለቱ ላይ ነው ነገሩ ሌላ ነገር የሆነው። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ወንድሞች፣ ራሳችሁን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፤ ቅዳሜ ማታ በር ላይ ሚስትህ ወይም እናትህ «ስንት ወጣብህ?» ብትልህ የምትናገረው ቁጥር እውነተኛው ቁጥር ነው? ካልሆነ በሃምሳ ብርም ተጫወት በአሥር፣ ጨዋታ ከመሆን አልፏል።

«እሺ፣ ሲበዛ እናቆማለን» ትላላችሁ። አታቆሙም። ይህን የምለው ስለናቅኋችሁ አይደለም። ካነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ሰው መቶ ብር ሲያጣ የሚሰማው ሕመም መቶ ብር ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ ይበልጣል። ጉድለት ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ቁርጡን ከመቀበል ይልቅ «ወይ ሁሉንም አስመልሳለሁ ወይ የባሰ ይምጣ» ወደሚል አደጋ ያዘነብላል። 11 ሰዓት ላይ ሻይ እያማሰለ ያለው ሰውና ሦስት ሰዓት ላይ ሰባት መቶ የተበላው ሰው ስማቸው አንድ ነው እንጂ አንድ ዓይነት ውሳኔ አይወስኑም። ገደቡን ማውጣት ያለበት የ11 ሰዓቱ ሰው ነው። ካርታ ከመታደሉ በፊት፣ በአፍ፣ ሁሉም እየሰማ። በልብ የተያዘ ገደብ ገደብ አይደለም፤ የምታውቀው አንተ ብቻ ከሆንክ የምትሽረውም አንተ ብቻ ነህ።

እኛ ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ደብተሩን ቀደድኩት። ይህ ከሁሉ በፊት ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺን ያዙ። በዱቤ አይጫወትም፣ በቴሌብር አይላክም፣ ጓደኛም ለጓደኛ ጠረጴዛው ላይ አያበድርም። እያንዳንዱ ሰው ለምሽቱ የሚያወጣውን ብር፣ ለእኛ ሁለት መቶ ነው፣ በዝርዝር ይዞ ይመጣና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ስልክ ሌላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁለት መቶው ያለቀበት ካርታ ይበውዛል፣ ያሾፋል፣ ሻይ ይጠጣል፤ አይጫወትም። መጠኑን ያወጣነው በጣም ድሀ በሆነው ኪስ ልክ ነው እንጂ በነጋዴው ልክ አይደለም። ነጋዴው መጀመሪያ ላይ «ይህቺማ የልጅ ጨዋታ ናት» ብሎ ነበር። አዎ፣ ናት!

መደቡ አሥር ብር ነው፤ በዚያ ምሽት አይነካም። መቀየር የሚፈልግ ሰው ጥያቄውን ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ካርታ ሳይወጣ ያነሳል። እስካሁን አንድም ሰው አላነሳም። ይገርማል አይደል? ሦስት ሰዓት ላይ ያን ያህል የሚያንገበግበው ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ማንም አያስታውሰውም።

ማብቂያ ሰዓታችን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስልክ ይጮኻል። መጀመሪያ ላይ «የተጀመረው ዙር ይለቅ» እንል ነበር። አልሠራም፣ አንዱ ዙር ሌላ ወለደ። አሁን ስልኩ ሲጮህ ዙሩ የት ላይ ይሁን የት ካርታ ይወድቃል፣ መደቡ ለየባለቤቱ ይመለሳል። በመጨረሻም፣ ማንም ሰው በማንኛውም ሰዓት አሸንፎም ተሸንፎም መነሳት ይችላል፤ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ የሁሉንም ሻይ ይከፍላል። ይሉኝታን በሻይ ነው የገዛነው።

አሁን ደግሞ እናንተ ሞክሩት። ቅዳሜ ካርታው ከመውጣቱ በፊት «ዛሬ ዱቤ የለም፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናቆማለን» በሉና ማን እንደሚቆጣ እዩ። ሁሉም ያጉረመርማል፣ እሱ ምንም አይደለም። ግን አንዱ ከልቡ ይቆጣል። «እምነት አጣችሁብኝ?» ይላል፣ ወይም «እንግዲያስ ሌላ ቦታ እጫወታለሁ» ብሎ ይነሳል። ያ ሰው ራስህ ልትሆንም ትችላለህ።

ለዚያ ሰው ይህ ሁሉ ገደብ በቂ አይደለም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የእኛ ሕግ የሚሠራው ገና ማቆም ለሚችል ሰው ነው። ከእናንተ ጠረጴዛ በሁለት ሰዓት ተኩል ተነስቶ ሌላ ጠረጴዛ ላይ እስከ ሌሊት ሰባት የሚቀመጥን ሰው ሁለት መቶ ብር አያስጥለውም። ለእሱ ካርታ አታድሉለት፣ ብርም አታበድሩት። ዕዳውን ልክፈልልህ ብትሉ እንኳ ለአበዳሪው ወይም ለእቁቡ ቀጥታ ክፈሉ እንጂ በእጁ አትስጡት። የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለበት ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ፤ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል አለላችሁ። ስሙን ሰምታችሁ አትደንግጡ። ሰው ለጨጓራው ሐኪም ጋ ይሄድ የለ?

«እንዲህ ከሆነ ጨዋታው ይሞታል» ላላችሁኝ፦ ባለፈው ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ እጄ ላይ አንድ ካርታ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አንዲት ካርታ! በአምስት ዙር መጀመሪያ የሚበላው እኔ ነበርኩ። ነጋዴው «ጣል፣ ጣል፣ ሕግ ነው!» እያለ ወንበሩ ላይ ቆሞ ጨፈረብኝ። ጣልኩ። አሥር ብሬን ወሰድኩ። ያ ጓደኛችን አሁን አይጫወትም፤ ግን ከአምስት ወር በኋላ መጥቷል፣ ከአጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ የሁሉንም ካርታ እያየ ፊቱን ክፉኛ ያኮሳትራል። ባለቤቱም ታውቃለች፤ ራሱ ነግሯታል። ለእኔ ግን እስካሁን አልደወለችልኝም፣ እኔም አልደወልኩላትም። «ላጣራና እደውልልሻለሁ» ብያት ነበር።

«እኛ ጋ ይህ አይሠራም» የምትሉ ካላችሁ ለምን እንደማይሠራ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። «አታካብድ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።